ካርድ ያልወጣለት ትውውቅ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የተቀመጠች ሴት ናት። መስኮቷ አንድ ክንድ አትሞላም። ከመስኮቷ ወዲያ የሚቆመውን ሰው የምታየው ከአገጩ እስከ ደረቱ ነው፤ ፊቱን ለማየት ጎንበስ ማለት አለባት፤ ጠዋት ሰልፉ ተጠማዝዞ ውጭው በር ሲደርስ ደግሞ የመጎንበሻ ጊዜ ከየት ይመጣል? ስም? ዕድሜ? አዲስ ነዎት ወይስ የቆየ ካርድ አለዎት? ምንዎን ነው የሚያምዎት? በሉ ሦስት ቁጥር ይግቡ። አለቀ። ይህችን ነገር በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ትላታለች። ደግሞ በሥራዋ አንቱ የተባለች ናት፤ ሌላው ሰው ግማሽ ቀን የሚፈልገውን ካርድ እሷ እያወራች፣ ዓይኗን እንኳ ወደ መደርደሪያው ሳትልክ መዝዛ ታወጣዋለች። ሰፈሩም ሥራ ቦታውም የሚያውቃት "እትዬ ካርድ" በሚለው ነው። አልከፋትም። እንዲያውም በእናት አባቷ ስም የጠራት ሰው ሲገጥማት "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ትላለች።

ችግሩ ሥራዋ ከቢሮ ስትወጣ አብሯት መውጣቱ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት በረጅሙ ስትተነፍስ "የት ጋ ነው?" ብላ ጠይቃ ታውቃለች። ሴትየዋ የምትወርድበትን ነገረቻት።

የዚያን ቅዳሜ ድግስ የደገሰችው ለልደቷ ነው ተብሎ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሞላት። እውነቱን ለመናገር ግን እስከ አርባ ዘጠኝ ድረስ ልደቷን አክብራ የማታውቅ ሴት፣ በሃምሳ ዓመቷ ድንገት ኬክ ያማራት እንዳይመስላችሁ። ድግሱ የተደገሰው ለወንድሟ ነበር፤ እሱ ግን አያውቅም።

ታላቅ ወንድሟ ሠላሳ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያወራው እየቀነሰ፣ በመጨረሻም ጎረቤቱ ደውላ "አራት ቀን በሩን አልከፈተም፤ ደህና ነው ግን፣ መብራቱ ይበራል" ብላ ስትነግራት፣ እትዬ ካርድ በማግስቱ ሄዳ "ለአንድ ሳምንት" ብላ ይዛው መጣች። አንዱ ሳምንት ስድስት ሆነ። ስድስቱንም ሳምንት እንደ እንግዳ ነው የኖረው። ጠዋት አልጋውን ራሱ ያነጥፋል። በልቶ ሲያበቃ "አመሰግናለሁ" ይላል፤ ለገዛ እህቱ። የሚፈልገው ነገር እንዳለ ስትጠይቀው ምንም አይፈልግም። መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ መንገዱን እያየ ይውላል።

ማክሰኞ ዕለት፣ እሷ ከሥራ ስትገባ፣ "ሰኞ እሄዳለሁ" አላት።

ለመነችው። ልጇ አግብታ ከወጣች ወዲህ አንዱ ክፍል ባዶውን እንደሚያድር፣ ለእሷም ሰው እንደሚሆናት፣ ያላለችው የለም። እሱ ግን አልተቆጣም፣ አልተከራከረም፤ ይህ ነው ያስፈራት።

"ማንን ብዬ ልቀመጥ?" አለ። "እዚህ የማውቀው አንቺን ነው። አንቺ ደግሞ ሥራ ላይ ነሽ።"

ሌሊቱን ስታሰላስል አደረችና ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ብዙ አያስፈልገውም፤ አንድ ሰው ይበቃዋል። እሷ ሥራ በምትውልበት ሰዓት ሄዶ የሚያወራው አንድ ሰው። ያ ሰው ማን እንደሆነም ወዲያው መጣላት። እሷ መቼ ካርድ ጠፍቶባት ያውቃል!

ሰውየው ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። ጥፍራቸው ሥር ያለው ዘይት በሳሙና የሚለቅ አይደለምና ሰፈሩ "ጋሽ ዘይት" ብሏቸዋል። ዕድሜያቸው ከወንድሟ ጋር ተቀራራቢ ነው። እሳቸውም ሚስታቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ከየት ይገኛል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዎች መጡ። አሥር አይሞሉም፤ ግማሾቹ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች፣ ግማሾቹ የሕንፃው ጎረቤቶች ናቸው። ጋሽ ዘይት ኮታቸውን ለብሰው፣ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡ። ስትፈታው አንዲት ጠርሙስ የስፌት መኪና ዘይት ሆነ። "ጥሩው ነው፣ ልብስ አያቆሽሽም" አሏት አፍረው። በጣም ተደሰተች።

ልቧ ግን ስጦታው ላይ አልነበረም። ሳታስቀምጣቸው አንድ ክንዳቸውን ያዘች፤ ወንድሟን ደግሞ ከመስኮቱ ጎትታ አመጣችና፣ ሁለቱን ኬኩ ባለበት ጠረጴዛና በግድግዳው መካከል ፊት ለፊት አቆመቻቸው።

"ጋሼ፣ እኚህ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው" አለች ወንድሟን። "ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጋሽ ዘይት፣ ይሄ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የሱም ሚስት ካረፈች አሥራ አንድ ወሯ ነው። ደም ግፊት አለበት፤ እንቅልፍም አይወስደውም። እንግዲህ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፤ ተጫወቱ።"

ይህን ብላ በደስታ እየተፍለቀለቀች ወደ ሌላ እንግዳ ሄደች። "ቀጣይ" ማለት ብቻ ነው የቀራት።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ጋሽ ዘይት "ያጽናዎት" አሉ። ወንድሟ "እርስዎንም" አለ። ከዚያ ምን ይባላል? ጋሽ ዘይት ሳህናቸው ላይ ያለውን ኬክ እንደ ተበላሸ ዕቃ አገላብጠው መረመሩት። ወንድሟ አንገቱን ነቀነቀ፤ ትንሽ ቆሞ እንደገና ነቀነቀ፤ ከዚያም "ይቅርታ" ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ጠቅላላው ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እትዬ ካርድ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆና አየችው። የሻይ ብርጭቆ የምታመጣ መስላ ወጥ ቤት ገባች።

እዚያ ጓደኛዋ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ይህች ጓደኛዋ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ መርፌ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም። ሁሉንም ሰምታለች፤ ወጥ ቤቱ የበር መዝጊያ የለውም።

"አስተዋወቅኳቸው ነው የምትዪው?" አለቻት ዳቦዋን ሳትተው። "ካርድ አወጣሽላቸው እንጂ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ሁለት በሽተኛ አንድ ክፍል ላክሽ። እነሱም ተያይተው ሐኪም ጠበቁ። ሐኪሙ ሳይመጣ ሲቀር ተነሥተው ሄዱ።"

እትዬ ካርድ ተከራከረች። ሁለቱም ሚስት ሞቶባቸዋል፣ ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው፣ ከዚህ የበለጠ የጋራ ነገር ምን አለ አለች። ነርሷ ቢላዋዋን አስቀመጠች። የጋራ መሆኑንማ የጋራ ነው አለቻት፤ ግን የትኛው ጨዋ ሰው ነው ኬክ ይዞ በቆመበት፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ላልሰማው ሰው ስለ ሟች ሚስቱ የሚጀምረው? እሱ ሲግባቡ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ነው፤ በር ላይ አይጠየቅም። ሰው በሚያመው ሳይሆን በሚያውቀው፣ በሚወደው ነው የሚገናኘው።

"ለመሆኑ ወንድምሽ" አለቻት፣ "ምን ሲጠይቁት ነው ፊቱ የሚፈታው?"

እትዬ ካርድ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ደም ግፊቱ ትናንት ማታ ስንት እንደነበር ታውቃለች። የትኛውን ክኒን ከምግብ በፊት፣ የትኛውን በኋላ እንደሚወስድ ታውቃለች። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ታውቃለች። ፊቱ በምን እንደሚፈታ ግን፣ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ካርዱ ጠፋባት።

"አላውቅም" አለች። ቃሉ ራሷን አስደነገጣት።

ነርሷ አልሳቀችባትም። "ቀስ ብለሽ ፈልጊው" አለቻት።

ውሃ በብርጭቆ ቀድታ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን የወንድሟን ጀርባ በበሩ በኩል እያየች አሰበች። ረቡዕ ጠዋት፣ ለሥራ እየተጣደፈች ሳለ፣ በመንገዱ አውቶቡስ ሲያልፍ እሱ ዓይኑን ከሻዩ ሳያነሣ አንድ ነገር ብሎ ነበር። ምን ነበር ያለው? "ይሄ የፍሬን ሸራው አልቋል። ሹፌሩም ያውቃል፤ ቀደም አድርጎ ነው የሚይዘው።" አዎ። ድምፁም የዚያን ጊዜ ሌላ ነበር፤ የድሮው የወንድሟ ድምፅ። እሷ ምን አለችው? "ክኒንህን ዋጥክ?"

ወዲያው ሌላ ነገር ተከትሎ መጣላት። አንድ ጊዜ ቤቷ ባለችው የስፌት መኪና መጋረጃ ስትሰፋ በሯ ተንኳኳና ስትከፍት ጋሽ ዘይት ደረጃው ላይ ቆመዋል። "ይቅርታ ልጄ፣ መርፌሽ ጎብጣለች" አሏት። "ስትወርድ ብረቱን እየነካች ነው፤ ሳትሰበር ቀይሪያት።" በተዘጋ በር! ሄዳ ስታያት እውነትም መርፌዋ ጎብጣለች። በጊዜው ተገርማ ነበር፤ ከዚያ ረሳችው። ሁለቱን ነገሮች ሁለት የተለያየ መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆልፋባቸዋለች።

ለነርሷ ነገረቻት። ነርሷ በእጇ ያለውን ሁሉ ትታ፣ "እሱ ነው" አለች። "ሂጂ። መጀመሪያ ያጠፋሽውን ይቅርታ በያቸው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ፤ አንድ ብቻ። የሚመልሱት ጥያቄ ስጫቸው። ደግሞ መርፌውን ወግተሽ ወዲያው አትንቀዪ፤ መድኃኒቱ እስኪገባ ቆዪ። ከገባ በኋላ ግን እንዳትቆዪ።"

ሳሎን ስትመለስ ጋሽ ዘይት የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ነበር። ደረጃው ሳይከብዳቸው ቢወጡ ይሻላቸዋል፤ ኬኩ ጥሩ ነበር፤ እንኳን አደረሳት አሉ። እትዬ ካርድ አንድ ደቂቃ ብቻ ለመነቻቸው። በዚህኛው ጊዜ ክንድ አልጎተተችም። ወንበር ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደችና ከወንድሟ ጎን፣ እሱ ራሱ ከሚወደው ቦታ ሳይነሣ፣ አስቀመጠችላቸው።

"ቅድም አበላሸሁት" አለች። "ካርድ ክፍል ያለሁ መስሎኝ ነው። ይቅር በሉኝ።"

ወንድሟ በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ አለ። "ሦስት ቁጥር ግቡ ልትይን ነበር" አለ።

"ጋሽ ዘይት፣ ወንድሜ ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። እዚህ ተቀምጦ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሕመም በድምፁ ብቻ ይናገራል።" ሕመም የምትለዋ ቃል አመለጠቻት፤ ከኋላዋ ነርሷ ስትስቅ ሰማች። "ጋሼ፣ እሳቸው ደግሞ የስፌት መኪና ይጠግናሉ። መርፌዬ መጉበጧን በተዘጋ በር ሰምተው ነው የነገሩኝ። እኔ እኮ መኪናዋ ላይ ተቀምጬ አልሰማሁም። ጆሯችሁ እንዴት ነው እንዲህ የሚያውቀው?"

ሁለቱም መንገዱን አዩ። እግሮቿ ወደ ወጥ ቤት መሄድ ፈለጉ። አትንቀዪ የተባለችው ትዝ አላትና የመስኮቱን መጋረጃ ያለ ምክንያት አስተካከለች።

ከታች አውቶቡስ አቃስቶ ተነሣ። ጋሽ ዘይት ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ይሄስ?" አሉ።

"መኪናው ደህና ነው" አለ ወንድሟ። "ደህና ያልሆነው ሹፌሩ ነው። እግሩን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አያነሣም።"

"ያቺ እንደ ጨርቅ የምትጎተተዋ ድምፅ?"

ወንድሟ ከመንገዱ ዞሮ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያቸው። "ሰምተዋታል እንዴ?"

"መስማቱንማ ሰማኋት። ምን እንደሆነች ነው የማላውቀው።"

ወንድሟ ወንበሩን ግማሽ ዙር አዞረ። በሩ ላይ ነርሷ በዓይኗ "ነይ" አለቻትና እትዬ ካርድ፣ እየቆጫት፣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማችው ሳህን ስታነሣ፣ ሻይ ስታመላልስ፣ እየቆራረጠች ነው። መጀመሪያ ተከራከሩ። ጋሽ ዘይት የመኪና ችግር የሚሰማው በጆሮ ነው ይላሉ፤ ወንድሟ ደግሞ ጆሮ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፣ ቀድሞ የሚሰማው የእግር መዳፍ ነው ይላል፤ ፔዳሉ ለእግር የነገረውን ነው ጆሮ በኋላ የሚያጣራው። ጋሽ ዘይት አሰቡበትና እውነት ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ እሳቸውም ለካ ሁልጊዜ ጣታቸውን የስፌት መኪናው ገበታ ላይ ሳያሳርፉ አይሰሙም። ቀጥሎ የብሎን መፍቻው፣ የካቻቪቴ፣ ወሬ መጣ። የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮ ሥር ያለው አጥንት ላይ አስደግፎ መስማት። ጋሽ ዘይት ይህን እሳቸው የፈጠሩት ይመስላቸው ነበር። ወንድሟ፣ የጋራዡ ሰው ሁሉ እንዲያ እንደሚያደርግ፣ የእነሱ ካቻቪቴ ግን ክንድ እንደሚያህል ነገራቸው። ተሳሳቁ። የወንድሟን ሳቅ ክፍሉ ሙሉ ሰማው፤ ከእንግዶቹ አንዱ፣ የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት፣ ወሬውን አቋርጦ ዞር አለ።

ይሄኔ እትዬ ካርድ አልቻለችም። ብርጭቆ የሞላ ትሪ እንደያዘች መሀላቸው ልትገባ፣ ብቸኝነትም እኮ ያገናኛችኋል ልትል ሁለት እርምጃ ሄደች። ነርሷ ከኋላ በሽርጧ ክር ይዛ መለሰቻት።

ስለዚህ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ነው ቀጣዩን የሰማችው።

"ከሥራ ስመለስ የሚቸግረኝ ይሄው ጆሮዬ ነው" አሉ ጋሽ ዘይት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ውሎ ቤት ሲገባ የሚሰማው ያጣል። ባለቤቴ ድስት ስትከድን የክዳኑን ድምፅ ደረጃው ላይ ሆኜ ነበር የማውቃት።"

ወንድሟ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

"የኔዋ ሬዲዮ ትወድ ነበር" አለ። "ቁልፉን በሩ ውስጥ ሳስገባ ትቀንሰው ነበር። በየቀኑ። ቁልፉ ሲገባ ሬዲዮኑ ዝቅ ይላል። አሁንም ቁልፉን ካስገባሁ በኋላ ትንሽ ሳልቆም አልገባም።"

"ምን ይደረግ" አሉ ጋሽ ዘይት። "እኔም ደረጃው ላይ እቆማለሁ። ጉልበቴን ነው እላለሁ ለሰው።"

እትዬ ካርድ ትሪውን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ስድስት ሳምንት አብሯት ተቀምጦ ይህን አልነገራትም። ጠይቃው ስለማታውቅ ነው። አልከፋትም፤ እንዲያውም አንድ ነገር ከደረቷ ላይ የተነሣ መሰላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንግዶቹ መሄድ ጀመሩ። ጋሽ ዘይት የመጨረሻው ሆኑ። በሩ ላይ ቆመው፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ከልብስ ፋብሪካ የመጣ አንድ ከባድ የስፌት መኪና እንዳላቸው ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ የሆነ ቦታ ያንኳኳል፤ ያልፈቱት ብሎን የለም፤ አላገኙትም። ሁለቱ እርስዎ መባባላቸው መቼ እንደቀረ ማንም ልብ አላለም።

"ሰኞ ብቅ ብትል" አሉ፣ "ሌላ ጆሮ ቢሰማው ብዬ ነው።"

ሰኞ። ሊሄድ ያሰበበት ቀን። እትዬ ካርድ ምላስ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተሰለፉ፤ በሦስቱም ላይ በሩን ዘጋች።

"ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ የሚያንኳኳው?" አለ ወንድሟ።

"ሲሞቅ።"

"ቀዝቃዛ እያለስ ሰምተኸዋል?"

ጋሽ ዘይት ጭንቅላታቸውን አከኩ። ጠዋት አስነሥተውት ሻይ ሊጠጡ እንደሚሄዱ፣ ሲመለሱ ሞቆ እንደሚያገኙት ተናዘዙ።

"ያመለጠህ እዚያ ላይ ነው" አለ ወንድሟ። "ከቀዝቃዛው ጀምረን፣ ሳናቋርጥ እስኪሞቅ መስማት አለብን። ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?"

"ሁለት ሰዓት።"

"አንድ ተኩል ላይ ታች በሩ ጋ እጠብቅሃለሁ። ሻይህን ጠጥተህ ና።"

ጋሽ ዘይት ደረጃውን ወጡ። ነርሷም እትዬ ካርድን ጉንጯን ስማ ሄደች። ወንድምና እህት ቀሩ። እሷ ሳህን ስታጥብ እሱ እየተቀበለ አደረቀ። የሰኞን ወሬ እጀምራለሁ ስትል ተወችው፣ እጀምራለሁ ስትል ተወችው። በመጨረሻ የጀመረው እሱ ነው።

"ሰኞ ጠዋት ሥራ አለኝ" አለ። "ቁርስ ቀደም ብለሽ ትሠሪልኛለሽ?"

በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር አድርጊልኝ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ክኒኑስ ልትል ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ዳቦው ምን ዓይነት ይሁንልህ?" አለችው።

ወንድሟ ማድረቂያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና አሰበበት። "ይጠበስ" አለ። "ጠርዙ ጠቆር እስኪል። ከልጅነቴም እንዲያ ነው የምወደው፤ አታውቂም ነበር?"

"አላውቅም ነበር" አለች፣ እየሳቀች። "ንገረኝ እንግዲህ።"